«ይታያል» የተባለውን ማን ያየዋል?

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጇ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የማኔጅመንት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የውኃ ፓምፕ አስመጥቶ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ለሁለት ወር የሥራ ልምምድ ላይ ነኝ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት የሠራተኞች ስብሰባ አለ። ሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ እየያዝኩ ማጠቃለያውን ለሁሉም በኢሜይል እንድልክ አዘዙኝ። በመጀመሪያው ሳምንት የተነገረውን ሁሉ ጻፍኩና ሦስት ገጽ ሞላ። «ልጄ፣ ይህን ማን ቁጭ ብሎ ያነባል?» አሉኝ። በሁለተኛው ሳምንት አሳጥሬ ላክሁ። ያን ጊዜ ደግሞ የመጋዘን ኃላፊው፣ አቶ ሀ ልበላቸው፣ «እኔ ይህን አደርጋለሁ መቼ አልኩ?» ብለው በሰው ፊት ተቆጡኝ። ሥራ አስኪያጁም ዝም አሉ። ስብሰባው ላይ እንዳልጠይቅ ሁሉም በዕድሜም በሥራም ይበልጡኛል፤ እፈራለሁ። ማስታወሻዬንና የላክሁትን ከዚህ በታች ገልብጫለሁ። ጥፋቱ የት ላይ ነው?

ማስታወሻዬ፦ «ሰኞ ኅዳር 8። ሐዋሳ፣ 4 ፓምፕ። ደንበኛው ደውሏል፣ ተቆጥቷል። አቶ ሀ፦ መኪናው ጋራዥ ነው። ወ/ሮ ለ (ሽያጭ)፦ ሁልጊዜ ምላሹ ይኸው ነው። ክርክር። ሐሙስ የግድ። የኪራይ መኪና? ይታያል። ዱባይ፣ ዋጋ ጨምሯል፣ 8 ሰዓት ስልክ። የመጋዘን ጣሪያ ያፈሳል፣ ይታሰብበት።»

የላክሁት፦ «የሐዋሳው ደንበኛ 4 ፓምፖች እስከ ሐሙስ በአቶ ሀ በኩል ይላካሉ። ከዱባይ አቅራቢው ጋር በ8 ሰዓት ስልክ ይደረጋል። የመጋዘኑ ጣሪያ ይታሰብበታል።»

ተለማማጇ፣ ከአዲስ አበባ

*

የኔ እህት፣

ማስታወሻሽንና ኢሜይልሽን ጎን ለጎን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። በመጀመሪያ ላሳርፍሽ፦ ማስታወሻሽ ደህና ነው። ጥድፊያ ላይ ሆነሽ ቁጥሩን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ማንነት ይዘሻል። ነገሩ የተበላሸው ከደብተሩ ወደ ኢሜይሉ ስትሻገሪ ነው፤ እሱም በአንዲት ቃል ላይ።

ደብተርሽ ላይ «የኪራይ መኪና? ይታያል» ይላል። ኢሜይልሽ ላይ ደግሞ «በአቶ ሀ በኩል ይላካሉ» ሆኗል። በሁለቱ መካከል ማን ምን ብሎ ነው አቶ ሀ የገቡበት? ስለ መኪናው የተናገሩት እሳቸው ስለሆኑ ሥራውም የእሳቸው መሰለሽ። አልፈርድብሽም፤ እኔም በጸሐፊነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ስለ ችግሩ አብዝቶ ከተናገረ፣ መፍትሔውንም የተሸከመ ይመስላል። ሰውየው ግን ያሉት መኪናው ጋራዥ እንዳለ ብቻ ነው።

የአማርኛችን ነገር ደግሞ አለ። ሰዋስው ስንማር አድራጊውን «ባለቤት» እንለው ነበር፤ ትዝ ይልሻል? ስብሰባ ላይ የምንወዳቸው ግሦች ባለቤታቸውን የደበቁ ናቸው፦ ይታያል፣ ይደረጋል፣ ይታሰብበታል፣ መፍትሔ ይፈለግለታል። ለጨዋነት የሚመቹ ናቸው፤ ማንንም አያስቀይሙም፣ ማንንም አያስገድዱም። በዚያው ልክ ሥራውም ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ማስታወሻ ያዥ ሁለት ነገር ልታደርግ ትችላለች፤ አንድም ቃሉን እንዳለ ታስተላልፈዋለች፣ አንድም ባለቤት ትፈጥርለታለች። አንቺ ለጣሪያው የመጀመሪያውን፣ ለሐዋሳው ሁለተኛውን አደረግሽ። ሦስተኛውና የሚሻለው መንገድ መጠየቅ ነው። ወደ ፍርሃትሽ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ደብተሩ ጥቂት ልበል።

ሦስት ገጽ የሆነው የመጀመሪያው ኢሜይልሽ ቃለ ጉባኤ ሆኖብሽ ይመስለኛል። ቃለ ጉባኤ ማን ተገኘ፣ ማን ቀረ፣ ምን አጀንዳ ቀረበ፣ ማን ምን አለ ብሎ ይጽፋል፤ ተነብቦ ይፈረምበታል፤ ፋይል ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል። ሥራ አስኪያጅሽ የጠየቁሽ ግን ያን አይመስለኝም። እሳቸው የፈለጉት ሠራተኛው ስልኩን ከፍቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ «በዚህ ሳምንት ከእኔ የሚጠበቀው ምንድን ነው?» ለሚለው መልስ የሚያገኝበትን ወረቀት ነው። ምናልባት ራሳቸውን ብትጠይቂያቸው አይከፋም፦ «ጋሼ፣ የሚፈልጉት ቃለ ጉባኤ ነው ወይስ የሥራ ማጠቃለያ?» ብለሽ። መልሱ የምትጽፊውን ሁሉ ይለውጠዋል።

የሥራ ማጠቃለያ ከሆነ፣ የደብተርሽን ገጽ በቀኝ በኩል ሦስት ጣት ያህል በመስመር ለዪው። በሰፊው ወገን እስካሁን እንደምታደርጊው ተቆራርጦም ቢሆን ጻፊ። በጠባቡ ወገን ምልክት ብቻ ይግባ። ተወስኖ ያለቀ ነገር ሲኖር «ው»፣ አንድ ሰው የሚሠራው ሥራ ሲወጣ «ሥ»፣ ሳይቋጭ የታለፈ ጥያቄ ሲሆን «ጥ»። ሌላው ሁሉ፣ ማብራሪያውም ቀልዱም ክርክሩም፣ ያለ ምልክት ይቅር። ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ኢሜይሉ የሚያልፉት ምልክት ያላቸው መስመሮች ብቻ ናቸው። ሦስቱ ገጾች የሚያጥሩት እዚህ ላይ ነው፤ ምን እንደምትቆርጪ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠሽ ማሰላሰል አይኖርብሽም።

«ሥ» ባልሽበት መስመር ሁሉ ስም፣ ሥራና ቀን ይግቡ። አንዱ ካልተነገረ በራስሽ ግምት አትሙዪው፤ ባዶ ሰረዝ አስምሪበት። የሐዋሳው ጉዳይ በዚህ አያያዝ እንዲህ ይመስል ነበር፦ «ሥ፦ ______ የኪራይ መኪና ዋጋ ይጠይቃል፣ እስከ ______»። ሁለት ባዶ ቦታ፤ ስለዚህ የሚጠየቁት ነገሮችም ሁለት ናቸው። ባዶው ቦታ ዓይንሽ ላይ ስለሚቆም፣ ስብሰባው ሊበተን ሲል ምን እንደጎደለሽ ለማወቅ ገጹን መልሰሽ ማንበብ አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። ከሁሉም በዕድሜ ታንሻለሽ፤ ትልልቅ ሰዎችን አቋርጦ መጠየቅ ደግሞ በእኛ አስተዳደግ ይከብዳል። ይህን «በርቺ፣ አትፍሪ» ብዬ አላልፈውም። ይልቅ ፈቃዱን አስቀድመሽ ውሰጂ። ሰኞ ጠዋት ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ሥራ አስኪያጁን ለብቻቸው አግኝተሽ «ባለፈው ስለተሳሳትኩ፣ ዛሬ መጨረሻ ላይ የያዝኩትን ላንብብላችሁ፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል» በዪያቸው። እምቢ የሚሉ አይመስለኝም፤ ቃለ ጉባኤ ሲነበብ የኖረ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ከዚያ በኋላ የምትናገሪው በሊቀመንበሩ ፈቃድ ነው።

ስታነቢ የክርክሩን ተዪው። ምልክት ያደረግሽባቸውን ብቻ አንብቢ፤ ባዶው ቦታ ላይ ስትደርሺ ወደሚመለከተው ሰው ዞር በዪ፦ «አቶ ሀ፣ በትክክል እንድጽፈው ነው፤ የኪራይ መኪናውን የሚያጣሩት እርስዎ ነዎት ልበል፣ ወይስ ገና ሰው አልተመደበም?» የጥያቄውን ሁለተኛ ክፍል ልብ በዪልኝ። «ገና ሰው አልተመደበም» የሚለው ለሰውየው መውጫ በር ነው። ሥራውን መውሰድ ካልፈለጉ ከአንቺ ጋር መጨቃጨቅ ሳያስፈልጋቸው በዚያ ይወጣሉ። ያን ጊዜ ጉዳዩ ሥራ አስኪያጁ ፊት ይወድቃል፤ መመደብ የእሳቸው ሥራ ነው እንጂ የአንቺ አይደለም።

ሌላው ቁጥርና ጊዜ ነው። «እስከ ሐሙስ ይላካሉ» ብለሻል። ሐሙስ ከአዲስ አበባ ይነሳሉ ማለት ነው ወይስ ሐሙስ ሐዋሳ ይደርሳሉ? ለጭነት መኪና ግማሽ ቀን የሚወስድ መንገድ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተነሳ ጭነት ለደንበኛው በሥራ ሰዓት አይደርስለትም። «እስከ» የሚለውም ቃል ያጣላል፤ ሐሙስን የሚጨምርለት አለ፣ ረቡዕ ማታ ላይ የሚያቆመውም አለ። «ሐሙስ ኅዳር 11 ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ደንበኛው ይረከባል» ብትዪ ኖሮ ማንም በሌላ አይተረጉመውም።

የ8 ሰዓቱ ስልክ ደግሞ በጣም ነው ያሳሰበኝ፤ ምክንያቴን ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ቢሮ ስሠራ ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች የስብሰባ ጥሪ አዘጋጅቼ «በ3 ሰዓት» የሚለውን ቁጥሩን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛው ደብዳቤ ገለበጥኩት። አለቆቼ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምረው ቡና አስፈልተው ጠበቁ። እንግዶቹ የመጡት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ በእነሱ ሰዓት ልክ 3 ሆኖ፣ አንድም ደቂቃ ሳያሳልፉ። ያን ቀን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማስታወሻሽ ቀኑን እንኳ አልያዘም። ስልኩ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። ለእኛ 8 ሰዓት የሆነው በውጭው አቆጣጠር 14:00 ነው፤ ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ስለምትቀድም እዚያ 15:00 ይሆናል። ኢሜይሉ ለአቅራቢው ቢተላለፍና ሰውየው 8 የሚለውን በራሱ ሰዓት ጠዋት ነው ብሎ ቢወስደው፣ የእናንተ ስልክ የሚጮኸው ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ቢሮው ሳይከፈት። ቀኑንም በቁጥር ብቻ አትጻፊ። 10/3 ለእኛ ኅዳር 10 ነው፤ ለውጭው አንባቢ ማርች 10 ነው ወይም ኦክቶበር 3። የወሩን ስም መጻፍ አራት ፊደል አይሞላም።

እንግዲህ ባዶዎቹ ሁሉ ሰኞ ዕለት ተጠይቀው ተሞልተው ነበር እንበልና ኢሜይሉን እንደገና እንጻፈው። አቶ ሀ ጋራዡን አጣራለሁ፣ ወይዘሮ ለ የኪራዩን ዋጋ እጠይቃለሁ ብለው፣ የኪራዩን ወጪ ማን እንደሚፈቅድ ግን ሳይነገር ቢቀር እንዲህ ይሆናል፦

ርዕስ፦ የሰኞ ኅዳር 8 ስብሰባ፤ የሐዋሳው ጭነት ሐሙስ፣ የዱባይ ስልክ ረቡዕ

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

የዛሬው ስብሰባ ማጠቃለያ የሚከተለው ነው። የተሳሳተ ካለ እስከ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ብትነግሩኝ አርሜ እልካለሁ።

የተወሰነ፦ የሐዋሳው ደንበኛ 4 ፓምፖቹን ሐሙስ ኅዳር 11 ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እንዲረከብ።

አቶ ሀ፦ መኪናው እስከ ረቡዕ ከጋራዥ ይወጣ እንደሆነ አጣርተው ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት ለወይዘሮ ለ ያሳውቃሉ።

ወይዘሮ ለ፦ የኪራይ መኪና ዋጋ ነገ እስከ 6 ሰዓት ይጠይቃሉ፤ ለደንበኛውም የሐሙሱን ቀጠሮ ደውለው ይነግሩታል።

ሥራ አስኪያጁ፦ ረቡዕ ኅዳር 10 (ኖቬምበር 19) ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በዱባይ 15:00፣ ስለ ዋጋው ጭማሪ ከአቅራቢው ጋር በስልክ ይነጋገራሉ።

ያልተወሰነ፦ የኪራይ መኪናውን ወጪ ማን እንደሚፈቅድ። የመጋዘኑ ጣሪያ፤ ኃላፊ አልተመደበም።

ይኸው ነው። ስንት ሰው እንደተቆጣና ማን ማንን እንደወቀሰ እዚህ የለም። የወይዘሮ ለ «ሁልጊዜ ምላሹ ይኸው ነው» የሚለው ንግግር በደብተርሽ ይቅር፤ ከደብተርሽም ባይኖር እመርጣለሁ፣ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ይረሳልና። ከክርክሩ ውስጥ የሚፈለገው ፍሬ ነገር፣ ደንበኛው ሐሙስ የግድ መፈለጉ፣ በውሳኔው ውስጥ ገብቷል። ስሞቹ ከሥራው በፊት መምጣታቸውንም እይው፤ ሰው ኢሜይል ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ስም ነው። ሌላ ፋይል ከማያያዝ ጽሑፉን ኢሜይሉ ላይ ራሱ ጻፊው፤ ብዙዎቹ በስልካቸው ነው የሚያዩት፣ የተያያዘውን ሳይከፍቱ የሚያልፉት ይበዛሉ።

«ያልተወሰነ» የሚለውን ክፍል መጻፍ ሊከብድሽ ይችላል፤ ሥራሽን ያላጠናቀቅሽ ይመስልሻል። እኔ ግን ከኢሜይሉ ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ። ያልተቋጨውን እንደተቋጨ አድርጎ መጻፍ ነው ከአቶ ሀ ጋር ያጋጨሽ።

መላኪያው በዚያው ዕለት ይሁን፤ ስብሰባው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቢያልቅ ከምሳ በፊት ይድረስ። ከዚያ ከዘገየ ሰው በየራሱ ትዝታ ሥራውን ይጀምራል። ለሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ከመላክሽ በፊት ረቂቁን ለሥራ አስኪያጁ አሳዪ፤ ስማቸው ከሥራ ጋር የተጻፈ ሰዎች ቅርብ ከሆኑም ጠረጴዛቸው ድረስ ሄደሽ የእነሱን መስመር ብቻ አንብቢላቸው። አሥር ደቂቃ ቢወስድብሽ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ገብተው ረቂቁ እስከ ማታ የሚያድር ከሆነ ግን አትጠብቂ፤ የእርማት ጊዜ ሰጥተሻልና ላኪው። ከስብሰባው ለቀሩት ሠራተኞች ግልባጭ ይድረሳቸው፤ ከድርጅቱ ውጭ ላለ ሰው ግን ሳይነገርሽ እንዳትልኪ፣ ስለ ዋጋ የተጻፈ ነገር አለበት።

ስለ አቶ ሀ ልጠይቅሽ፦ የተቆጡት በአንቺ ነው ወይስ ሳይጠየቁ ሥራ በመሸከማቸው? ለእኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ቁጣው አንቺ ላይ ያረፈው ስማቸውን የጻፍሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው። በኢሜይል ይቅርታ አትጠይቂያቸው። ሻይ ሰዓት ላይ ብቻቸውን ሲሆኑ ሄደሽ «ያላሉትን በስምዎ ጽፌአለሁ፤ ከእንግዲህ ሳልጠይቅዎት ስምዎን አልጽፍም» ማለት ይበቃል። ምክንያት አትደርድሪ፤ ወይዘሮ ለን አታንሺ። ከዚያ የተሳሳተውን ኢሜይል ለተቀበሉት ሁሉ ባለ ሁለት መስመር እርማት ላኪ፦ «እርማት፦ በሰኞው ማጠቃለያ የሐዋሳው ጭነት በአቶ ሀ በኩል እንደሚላክ የጻፍኩት ስሕተት ነው። በስብሰባው ኃላፊ አልተመደበም ነበር።» ጭነቱ አሁን ደርሶም ቢሆን እርማቱ ይላክ። ሥራ አስኪያጁ ለምን ዝም እንዳሉ ከዚህ ሆኜ አላውቅም፤ ምናልባት አንቺን መከላከል አቶ ሀን መቃወም መስሎ ታይቷቸው ይሆናል። የሰኞውን ሁለት ደቂቃ ለመለመን ስትገቢ ፊታቸው ይነግርሻል።

ጣሪያውን አልረሳሁትም። በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ስለሚያፈስ ጣሪያ የሚጨነቅ ሰው ስለማይኖር፣ በሚቀጥለውም ሰኞ «ይታሰብበት» ተብሎ ይታለፋል። አንቺ ማንንም አትመድቢ፣ ማንንም አትውቀሺ። በየሳምንቱ ካለፈው ኢሜይል ገልብጠሽ «ያልተወሰነ» ከሚለው ሥር አስገቢውና መጨረሻው ላይ ቁጥሩን ብቻ ለውጪው፦ «የመጋዘኑ ጣሪያ፤ ኃላፊ አልተመደበም፣ 2ኛ ሳምንት»። ከዚያ «3ኛ ሳምንት»። አራተኛው ላይ ሳትደርሺ ሥራ አስኪያጁ የአንድ ሰው ስም ይጠራሉ ብዬ እገምታለሁ፤ ያን ጊዜ ብዕርሽን አዘጋጅተሽ «እስከ መቼ ልበል?» በያቸው።